የአልጋ ሰዓትን መቀነስ ወይስ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው? ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የምርጫ መመሪያ

ፒያሳ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት ልብስ ሰፊ መጡ። 46 ዓመታቸው ነው። ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ነው የሚል ነገር የለም። በቀጥታ «ዶክተር፣ አልጋዬን ሳየው ልቤ ይመታል» አሉኝ። ነገሩ የጀመረው እናታቸውን ሲያስታምሙ ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ያገላብጧቸው ነበር። እናትየው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ የልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ ግን አልተመለሰም። አንድ ቦታ ዳያዜፓም ተሰጥቷቸው ለጥቂት ወራት ወስደዋል። ከዚያ ትተውታል።

የእንቅልፍ ማጣት ክብደት መለኪያውን፣ አይኤስአይ የሚባለውን፣ አብረን ሞላን። ሰባት ጥያቄ ነው፣ ከ28 ይታሰባል። እሳቸው 19 አመጡ። ከ15 እስከ 21 መካከለኛ ክብደት ያለው ነው። በሳምንት ከሦስት ሌሊት በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ፣ ቀን ሥራ የሚያበላሽ። ምርመራው ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልነበረው የትኛውን ሕክምና ልምረጥ የሚለው ነው። እኔም መጀመሪያ የመረጥኩት የተሳሳተውን ነው።

ሲቢቲ-አይ የሚባለው የእንቅልፍ ማጣት የባህሪ ሕክምና ብዙ ክፍል አለው። ሥራውን የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ስቲሙለስ ኮንትሮል ነው፤ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው ልንለው እንችላለን። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ነው ያስተዋወቀው። ሁለተኛው ስሊፕ ሪስትሪክሽን ነው፤ የአልጋ ሰዓትን መቀነስ። ይሄ በ1987 በአርተር ስፒልማንና በባልደረቦቹ የወጣ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ጊዜ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰጣል፣ ሌላም ይጨምርበታል። እኛ ግን ኮሪደሩ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ነው የምንሠራው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን አስቀድመን በደንብ ማስተማር ይኖርብናል። የቱን ለማን? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያደርገው ነገር ሁሌም ያው ነው። ቀድሞ ይተኛል፣ አርፍዶ ይነሳል፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል። የጠፋውን ሊያካክስ ነው። ችግሩን የሚያጸናው ግን ይኼው ራሱ ነው። እንቅልፍ ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጠራቀም ዕዳ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው አምስት ሰዓት ብቻ የሚያስተኛ ዕዳ ካለው፣ ያችን አምስት ሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ላይ እየቆራረጠ ይበትናታል። የአልጋ ሰዓት ቅነሳ ይህንን ነው የሚያርመው። አልጋውን ወደ እንቅልፉ ልክ ያጠበዋል። እንቅልፉ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቀስ እያለ ያሰፋዋል።

ስቲሙለስ ኮንትሮል የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ወራትን አልጋ ላይ እየተገላበጠ፣ እያሰበ፣ ስልክ እየነካካ ካሳለፈ፣ አልጋው ራሱ የመንቂያ ምልክት ይሆናል። ሶፋ ላይ ዓይኑ ሲከደን የነበረ ሰው አልጋው ጋ ሲደርስ ይነቃል። «አልጋዬን ሳየው ልቤ ይመታል» ያሉኝ ይህንን ነው። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተኛ። አልጋ ላይ ከእንቅልፍና ከባልና ሚስት ጉዳይ ሌላ ምንም አታድርግ። በግምት 15 ወይም 20 ደቂቃ እንቅልፍ እምቢ ካለህ ተነስተህ ከክፍሉ ውጣ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለስ። አሁንም እምቢ ካለ ድገመው። ጠዋት ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሳ። ቀን አትተኛ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በአማርኛ በጣም ይምታታል። «ደክሞኛል» እና «እንቅልፌ መጣ» አንድ አይደሉም። የደከመው ሰውነቱ ዝሏል፣ ጭንቅላቱ ግን ይሠራል። እንቅልፍ የመጣበት ዓይኑ ይከብዳል፣ ያዛጋል፣ የሚሰማው ወሬ መሀሉ ይጠፋዋል። ታካሚው ይህን ካልለየ ሲደክመው ይተኛና ሕጉ ሁሉ ይፈርሳል። እኔ «ዜና እያዩ አንገትዎ ሲወድቅ» ብዬ ነው የምገልጸው። ወዲያው ይገባቸዋል።

መጀመሪያ ቤቱን ጠይቁ

ለልብስ ሰፊዋ የሰጠኋቸው ስቲሙለስ ኮንትሮል ነበር። ምክንያቴ ስንፍና ነው ማለት ይቻላል። ስሌት የለውም፣ ደብተር አይፈልግም፣ በአሥር ደቂቃ ነግሬ ሸኘኋቸው። ከሳምንት በኋላ ተመለሱና ሁሉን ነገሩኝ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አልጋው ከግድግዳው ጋር ነው፣ ቀን ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል። ሁለት ልጆች መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ይተኛሉ። ማብሰያው ከመጋረጃ ወዲያ ነው። በሩ የሚከፈተው አምስት ቤተሰብ ወደሚጋራው ግቢ ነው።

መጀመሪያው ሌሊት ተነስተው በርጩማ ላይ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ትንሹ ልጅ ነቅቶ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለና አለቀሰ። በሁለተኛው ሌሊት ጋቢ ደርበው ግቢ ወጡ። ውሻው ጮኸ፣ ጎረቤት መስኮት ከፈተ። በሦስተኛው ተዉት። «ዶክተር፣ ከክፍሉ ውጡ ሲሉኝ ወደ የትኛው ክፍል ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ቤት ነው። ስንት ክፍል ነው? ማን አብሮዎት ይተኛል? ሌሊት ቢነሱ የት ይቀመጣሉ? ሽንት ቤቱ ውጭ ነው? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳሎን ያለው ሰው ስቲሙለስ ኮንትሮል እንደ ልቡ ይሠራለታል። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆኖ ለሚኖር ሰው ግን የአልጋ ሰዓት ቅነሳ ይሻላል። ምክንያቱም ሌሊት መነሳት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አምሽቶ መቆየት ነው፤ አምሽቶ መቆየት ደግሞ ቤተሰቡ ገና ሳይተኛ ይጀምራል።

ስቲሙለስ ኮንትሮል ግድ ከሆነ ለአንድ ክፍል ቤት ማስተካከያ አለው። ከአልጋው ተነስቶ በክፍሉ ሌላ ጥግ፣ በተወሰነ ወንበር ላይ፣ በደበዘዘ ብርሃን መቀመጥ። ዋናው ነገር አልጋው ላይ ነቅቶ አለመቆየት ነው። ከቤት መውጣት ግዴታ አይደለም። ወንበሩ ቀን ተዘጋጅቶ፣ ጋቢው ላዩ ላይ ተቀምጦ ማደር አለበት። ሌሊት ብርድ ላይ ፈልጎ የሚያዘጋጅ የለም። አልጋው ቀን ሶፋ ከሆነ ደግሞ ለእንግዳ የሚነጠፍና ለመኝታ የሚነጠፍ ልብስ ይለይ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አልጋው መልኩን ሲቀይር አእምሮም ይለየዋል።

ቀጥሎ ሥራውንና ሕመሙን

የአልጋ ሰዓት ቅነሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰውን ያንገላታል። ቀን ቀን ያንቀላፋል። ይህ የሕክምናው ጠባይ ስለሆነ አይቀርም። ስለዚህ የማይሰጣቸው ሰዎች አሉ።

የሚጥል በሽታ ያለበት አንዱ ነው፤ እንቅልፍ ሲጎድል መንቀጥቀጡ ይነሳል። ባይፖላር ያለበት ሌላው ነው፤ እንቅልፍ ማሳጠር ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። «እንቅልፍ ባይኖርዎትም ጉልበት የሚሞላብዎት፣ ገንዘብ የሚበትኑበት፣ ወሬ የሚበዛብዎት ጊዜ ነበር?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰውም አይሆንም። መሬት ላይ የሚወድቁ ደካማ ሽማግሌዎችም አይሆኑም። እርጉዝ ከሆነች ለብቻው ይታሰብበት።

ሾፌር ደግሞ አለ። ሚኒባስ የሚነዳ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተራ የሚይዝ ሰው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝቶ ሥራ አይላክም። ግንበኛም፣ ፎቅ ላይ የሚሠራ ብረት አሳሪም እንዲሁ። ለእነዚህ ስቲሙለስ ኮንትሮል ይቅደም። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረኝ። ሁለት ክፍል ቤት አለው። ማታ ተኝቶ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ይገላበጥ ነበር፣ ስልኩም እጁ ላይ ነው። ስልኩ ሳሎን አደረ፣ እሱ እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ለመተኛት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር። የሚነሳበትን ሰዓት ብቻ አጥብቀን ያዝን።

አንድ ማጣሪያ ሁለቱንም ይመለከታል። «ምሳ በልተው ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ እንቅልፍ ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ምነው ባንቀላፋ!» ይላል። ደክሞታል ግን ቀንም አይተኛም። ቁጭ ባለበት የሚያሸልብ፣ ወፍራም አንገት ያለው፣ በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ሚስቱ «ትንፋሹ ይቋረጣል» የምትለው ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላልና ሪፈር ይጻፍለት። መድኃኒትም ይጠየቅ። ዶሉተግራቪር የጀመረ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ፣ አልጋውን ከመንካታችን በፊት መድኃኒቱን ጠዋት እንዲወስድ እናድርግ። ፕሬድኒሶሎንም እንደዚያው። ጫት ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው ጫቱን ሳያነሳ ማንኛውም ፕሮቶኮል ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

ድብርት መኖሩ ብቻውን ሕክምናውን አይከለክልም። ሁለቱም አብረው ይታከማሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን እሱ ይቀድማል።

አልጋ መቀነስ፦ በቁጥር

ልብስ ሰፊዋ መኪና አይነዱም፣ ማኒያ የለም፣ የሚጥል በሽታ የለም፣ አያንኮራፉም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ተሻገርን። ለሳምንት ደብተር ያዙ። የሚጽፈው ታላቁ ልጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እየጠየቃቸው። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ብቻ አለ። አልጋ የገቡበት ሰዓት፣ ከአልጋ የወጡበት ሰዓት፣ በግምት ስንት ሰዓት ተኙ፣ ቀን ጋደም ብለው ነበር ወይ። ሌሊት ሰዓት ማየት የለም። ግምቱ ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ልዩ ወጥመድ አለ። ልጁ አንድ ቀን «11፡40 ተኛች» ብሎ ጻፈ። ነርሷ እንደ እኛ አቆጣጠር ሊነጋጋ ሲል 11፡40 ብላ አሰበችው። ልጁ ግን ስልኩ ላይ ያየውን ነው የገለበጠው፤ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። ያ ማለት ከምሽቱ 5፡40 ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ስሌቱን ሳየው አልጋ ገብተው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነስተዋል ይላል። የማይሆን ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። አሁን ደብተሩ ላይ «ማታ»፣ «ሌሊት»፣ «ንጋት» የሚል ቃል ከሰዓቱ ጎን እንዲከበብ አድርገናል።

የሳምንቱ ውጤት እንዲህ ነበር። አልጋ የሚገቡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ የሚወጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም 540 ደቂቃ። የተኙት በሰባቱ ሌሊት ሲደመር 2,190 ደቂቃ ሆነ። ለሰባት ሲካፈል 313 ገደማ፣ አምስት ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው። የእንቅልፍ ብቃት የሚባለው የተኙት ሰዓት አልጋ ላይ ለቆዩት ሰዓት ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ነው።

```
313 ÷ 540 × 100 = 58
```

አንድ መቶ ደቂቃ አልጋ ላይ ሲሆኑ አርባ ሁለቱ ነቅተው ነው ማለት ነው። በሌሊት ወደ አራት ሰዓት ያህል።

አዲሱን የአልጋ ሰዓት፣ መስኮት የምንለውን፣ ስንቆርጥ የተኙትን ሰዓት እንወስዳለን፣ ትንሽ ወደ ላይ እናጠጋጋለን። አምስት ሰዓት ተኩል ወጣ። ከአምስት ሰዓት በታች ግን አንወርድም፤ ደብተሩ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኛሁ ቢልም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የተኛውን ብዙ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። እንደውም አምስት ተኩልን ወለል የሚያደርጉ አሉ፣ ስድስትን የሚያደርጉም አሉ። እኔ ለቀን ሥራ የሚጨነቅ ሰው ሲመጣ ወደ ስድስቱ አደላለሁ።

መነሻ ሰዓቱ መጀመሪያ ይወሰናል፤ መተኛው ከእሱ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ 12 ሰዓት ያዝን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ክረምት ከበጋ የጎህ መቅደጃው ብዙ አይዛነፍም፤ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁሌም ብርሃን አለ። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ከ12 ወደ ኋላ አምስት ተኩል ስንቆጥር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሆነ። እሳቸው ሰሙና ሳቁ። «እስከዚያ ምን ልሥራ?» አሉ። ይህ ጥያቄ በጣም ከባድ ነው፣ አስቀድሞ ይመለስ። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ተኩል የሚሠራ ነገር ዝርዝር አብረን አወጣን። በእጅ የሚሰፋ ዝምዝማት፣ ቁልፍ መትከል፣ የጠዋቱን ሽንኩርት መክተፍ። ሶፋ ላይ ጋደም ማለት የለም። ልጁ ካልተኛ ይከታተላቸው።

ጸሎት ከመነሻው ሰዓት ጋር ይጋጫል። ለፈጅር የሚነሳ ሰው መነሻው እሱ ይሁን። ለምሳሌ 11 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል፣ ሰግዶ ወደ አልጋ አይመለስም። ለኪዳንና ለቅዳሴ ሌሊት የሚሄድም እንዲሁ። ሰሞነ ሕማማት ላይ ግን አትጀምሩ፤ መርሐ ግብሩ ራሱ ይፈርሳል።

በየሳምንቱ ምን ይደረጋል?

ሕጉ እንዲህ ነው። የሳምንቱ ብቃት 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 15 ደቂቃ ጨምሩ፣ ቀድሞ ይተኛል። ከ85 እስከ 90 ከሆነ አትንኩት። ከ85 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ቀንሱ፣ ወለሉን ሳታልፉ። የተለያዩ ፕሮቶኮሎች ቁጥሩን በጥቂቱ ያዛንፉታል፣ ለአረጋውያንም ዝቅ ያደርጉታል። አንዱን ይዞ መቀጠል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን እጅጌ ገልብጠው ሰፉ። ካውያ ከሰዓት በኋላ እንዳይዙ ነግሬያቸው ነበር፣ ደግነቱ። ደብተሩ 290 ደቂቃ አለ። ለ330 ሲካፈል 88 ነው። አልነካንም። ታዲያ እንቅልፋቸው ከበፊቱ ቀነሰ እኮ! ይህ የሚጠበቅ ነው። ለታካሚው አስቀድሞ ካልተነገረው ግን በአራተኛው ቀን ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት 305 ደቂቃ ተኙ፣ 92 ሆነ። መኝታው 6 ሰዓት ከሩብ ሆነ። በሦስተኛው 320 ለ345፣ 93፤ መኝታው 6 ሰዓት። በአራተኛው 330 ለ360፣ 92፤ ለ6 ሩብ ጉዳይ። አምስተኛው ሳምንት ላይ 89 መጣ፣ ቆምን። ስድስተኛው 345 ለ375፣ 92፤ መኝታው 5 ሰዓት ተኩል። እዚያ ላይ አረፉ። በስምንተኛው ሳምንት አይኤስአይ 9 ነበር።

ቁጥሩን ልብ ብላችሁ እዩት። የተኙት ሰዓት ከ313 ወደ 345 ብቻ ነው የጨመረው፤ ግማሽ ሰዓት። ግን ነቅተው አልጋ ላይ የሚያሳልፉት ከአራት ሰዓት ገደማ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። ሕክምናው በዋናነት የሚያስወግደው ንቃቱን ነው። ታካሚው «ስምንት ሰዓት እተኛለሁ» ብሎ ከጠበቀ ያዝናል። ከመጀመሩ በፊት ይህን ንገሩት።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ገብቶ አሁንም አንድ ሰዓት ተኩል የሚገላበጥ ሰው ካለ፣ ከመኝታው በፊት ቴሌቪዥን ፊት እያሸለበ ነው። ልጁን ወይም ሚስቱን ጠይቁ፣ ራሱ አያውቀውም። ብቃቱ 98 እና 99 እያለ ቀን የሚንገዳገድ ሰው ደግሞ መስኮቱ ጠቦታል። ሳምንቱን ሳትጠብቁ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ሦስት ሳምንት ሞልቶት ከ80 ያላለፈ ካለ ፕሮቶኮሉን ከመጫን ወደ ኋላ ተመለሱ። ቡናው፣ ጫቱ፣ ሕመሙ፣ ድብርቱ፣ የፈረንጅ ሰዓቱ። እሑድ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት የሚያርፍም ሰኞ ሌሊት ይከፍላል፤ ደብተሩ ላይ ሰኞ ሁሌ ዝቅ ካለ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ለ70 ዓመት አዛውንት፣ ማታ 2 ሰዓት ተኝተው 12 ሰዓት ለሚነሱ፣ በአንዴ መቁረጥ ይከብዳል። በየሳምንቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል። ይዘገያል፣ ግን መውደቅ አያመጣም። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ለእሳቸው ስቲሙለስ ኮንትሮልም በጥንቃቄ ነው፤ ሌሊት አሥር ጊዜ መነሳት እሾህ ነው።

ዳያዜፓም ላይ ያለ ሰው ሲመጣ በአንድ ቀን አታቁሙበት። ፕሮቶኮሉን ጀምሩ፣ እንቅልፉ ሲጠነክር መድኃኒቱን በዝግታ ቀንሱ።

ጊዜ ከየት ይመጣል?

ለሁሉም የሚበቃ ጊዜ የለንም የሚል ባልደረባ ሁሌም አለ። እኔም እሱ ነበርኩ። በ2023 ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ይህን ለመመለስ የተሠራ ይመስላል። 642 ሰዎች፣ 35 የጠቅላላ ሐኪም ክሊኒኮች። ሕክምናውን የሰጡት ነርሶች ናቸው፣ አራት ቀጠሮ ብቻ፣ የአልጋ ሰዓት ቅነሳ ብቻ። ከስድስት ወር በኋላ አይኤስአይ በአማካይ 10.9 ሆነ፤ የእንቅልፍ ጥንቃቄ ወረቀት ብቻ ያገኙት 13.9 ላይ ነበሩ። ለስቲሙለስ ኮንትሮል ይህን የሚያክል የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያ ማስረጃ አላየሁም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2021 ባወጣው መመሪያ ለሙሉው ሲቢቲ-አይ ጠንካራ ምክር ሰጠ፣ ለሁለቱ ክፍሎች ለየብቻቸው ግን ልል ምክር። «ቡና ቀንሱ፣ ክፍሉን አጨልሙ» የሚለውን ወረቀት ለብቻው መስጠትን ግን አልመከረም። ብዙዎቻችን የምንሰጠው እሱን ነው።

እኛ ጋ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ማጣሪያውና ደብተሩ። ከሳምንት በኋላ ስሌቱና መስኮቱ፣ እሱም ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ነርሷ በየሳምንቱ በስልክ አሥር ደቂቃ ትደውላለች፤ ቁጥሩን ትቀበልና ትጨምራለች ወይም ትይዛለች። ልብስ ሰፊዋ ከጀመሩ በኋላ ጤና ጣቢያውን የረገጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ታላቁ ልጅ ደወለልኝ። አክስቱ ከደሴ መጥታ ሁለት ሳምንት አብራቸው ተኝታ ነበር፣ የእናቱ እንቅልፍ ተበጣጠሰ። ደብተሩን ራሱ አውጥቶ አስልቷል። «84 መጣ» አለኝ። «ከ5 ተኩል ወደ ለ6 ሩብ ጉዳይ ልመልሳት?»

መልሳት አልኩት።